ኢአርፒ የሚጀምርበትን ቀንና ምዝገባ የሚቆምበትን ጊዜ ለሠራተኛ ስናሳውቅ ደብዳቤው ላይ ምን ይጻፍ?

ከፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር ሒሳብን፣ መጋዘንንና ሽያጭን አንድ ላይ ወደሚይዘው ኢአርፒ ሲዞር ፋይናንስ ለሠራተኛው የሚጽፈው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አንድ አንቀጽ ነው። «ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ አዲሱ ሲስተም ሥራ ስለሚጀምር ሁሉም ሠራተኛ አስፈላጊውን ትብብር እንዲያደርግ በጥብቅ እናሳስባለን» ይልና ማኅተም ተመትቶበት ይለጠፋል። የመጋዘን ኃላፊው ይህን አንብቦ ሰኔ 30 ከሰዓት በኋላ የመጣን መኪና ያራግፍ ወይስ ያቆይ አያውቅም። የሽያጭ ሠራተኛዋም በእነዚያ ቀናት ደንበኛ ቢመጣ ትሽጥለት ወይስ ትመልሰው አታውቅም። ሁለቱም የመሰላቸውን ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ወር መጋዘን ያለውን ዕቃ ሲስተሙ ላይ ካለው ጋር ለማስታረቅ ሲባክን ያልፋል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ደብዳቤውን ለመጻፍ ለተቀመጠ የፋይናንስ ሰው ነው። ምሳሌ የማደርገው ካሊቲ ዋና መጋዘን፣ አዳማና ሐዋሳ ደግሞ ቅርንጫፍ ያለውን የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሒሳቡ እስከዚያ ፒችትሪ ላይ ነው። ቀኖቹ የ2018 ዓ.ም. ናቸው።

መጀመሪያ ሁለት ቀኖችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ሒሳብ የሚቆረጥበት ቀን ነው፤ ከአሮጌው ሲስተም ወደ አዲሱ የሚሻገረው የሒሳብ ሚዛን የዚያ ቀን ማታ ያለው ነው። ሁለተኛው ሠራተኛው አዲሱ ሲስተም ላይ መመዝገብ የሚጀምርበት ቀን ነው። እነዚህን አንድ ማድረግ አይቻልም። ሰኔ 30 ማታ የተዘጋ ሒሳብ ሐምሌ 1 ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተቆጥሮ፣ ተጭኖና ተመሳክሮ አይገኝም። በእኛ ምሳሌ ሒሳቡ የሚቆረጠው ማክሰኞ ሰኔ 30 ነው፤ አዲሱ ሲስተም ሥራ የሚጀምረው ደግሞ ሰኞ ሐምሌ 6። በመካከል ያሉት የሥራ ቀናት አራት ናቸው፤ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ። የምዝገባ ማቆሚያ የምንለው እነዚህን ነው።

የበጀት ዓመት መጨረሻን መምረጥ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። የገቢና የወጪ ሒሳቦች ከዜሮ ስለሚጀምሩ የሚሻገረው የሀብት፣ የዕዳና የካፒታል ሒሳብ ብቻ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ዓመቱ በዚያን ጊዜ ኦዲት አለመደረጉ ነው። ስለዚህ የሚጫነው መነሻ ሒሳብ ጊዜያዊ ነው፤ ኦዲተሩ የሚያዘው ማስተካከያ በኋላ በተለየ ምዝገባ ይገባል። ይህን ለሠራተኛው መጻፍ አያስፈልግም፤ ለሥራ አስኪያጁ ግን በቃልም ቢሆን ቀድሞ መነገር አለበት።

አሁን ደብዳቤው። ሰኞ ግንቦት 24 የሚወጣ ነው፤ ሒሳቡ ሊቆረጥ አንድ ወር ከሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። ከዚህ ካጠረ ቅርንጫፎች የወሰዱትን ቅድሚያ ክፍያ ለማወራረድ ጊዜ አያገኙም።

ቀን፦ ግንቦት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለ፦ መላው ሠራተኞች፣ ካሊቲ፣ አዳማና ሐዋሳ
ጉዳዩ፦ ኢአርፒ ሥራ የሚጀምርበትን ቀንና ምዝገባ የሚቆምበትን ጊዜ ስለማሳወቅ

ክቡራን ባልደረቦች፣

እስከ አሁን በፒችትሪና በኤክሴል የምንይዘው የሒሳብ፣ የመጋዘንና የሽያጭ ምዝገባ ሰኞ ሐምሌ 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በኢአርፒ ይሆናል። ወደ አዲሱ ሲስተም የሚሻገረው ማክሰኞ ሰኔ 30 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ያለው ሒሳብና ዕቃ ነው።

ከሰኞ ሰኔ 15 ጀምሮ አዲስ ደንበኛ፣ አዲስ አቅራቢና አዲስ የዕቃ መለያ ቁጥር ፒችትሪ ላይ አይከፈትም። የግድ የሆነ እንደሆነ የለውጥ ቅጹን ሞልታችሁ ለፋይናንስ ላኩ፤ ሁለቱም ሲስተሞች ላይ የሚከፍተው ፋይናንስ ብቻ ነው።

እስከ ሐሙስ ሰኔ 25 ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ማንኛውም ሠራተኛ የወሰደውን የሥራ ማስኬጃ ቅድሚያ ክፍያ ያወራርድ፤ በእጁ ያለውን የአቅራቢ ደረሰኝም ለሒሳብ ክፍል ያስረክብ።

ማክሰኞ ሰኔ 30 ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ኮምፒዩተሩ 17:00 ሲል፣ ፒችትሪ ለምዝገባ ይዘጋል። የዕቃ ቆጠራም ያኔ በሦስቱም መጋዘን ይጀመራል። በዚህ ቀን ከ9 ሰዓት በኋላ ዕቃ መረከብም ማውጣትም የለም።

ከረቡዕ ሐምሌ 1 እስከ ቅዳሜ ሐምሌ 4 ሥራ አይቆምም፤ የሚቆመው ኮምፒዩተር ላይ መመዝገብ ነው። ሽያጭ በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ደረሰኝ እየተቆረጠ ይቀጥላል። ዕቃ የሚወጣውም የሚገባውም ቆጠራው በመጋዘኑ መጠናቀቁ ከተገለጸ በኋላ፣ በተሰጣችሁ ባለ ቁጥር ጊዜያዊ ቅጽ ብቻ ይሆናል። በእነዚህ ቀናት ለአቅራቢ ክፍያ አይፈጸምም። የጉምሩክና የመኪና ኪራይ ክፍያ ግን በፋይናንስ ሥራ አስኪያጅ ፊርማ ይስተናገዳል።

ቅዳሜ ሐምሌ 4 ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሲስተሙ ሰኞ መጀመር አለመጀመሩን ፋይናንስ ለየቅርንጫፍ ኃላፊው በስልክና በጽሑፍ ያሳውቃል። የማይጀምር ከሆነ በጊዜያዊ ቅጹ መሥራታችሁን ቀጥሉ።

ከሰላምታ ጋር
የፋይናንስ ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ ለዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ለውስጥ ኦዲት

ደብዳቤው ይኸው ነው። በሁለት ደቂቃ ተነቦ ያልቃል፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግን ምክንያት አለው።

«ሥራ አይቆምም» የሚለውን ከሁሉ በላይ ግልጽ ማድረግ ተገቢ ነው። ሠራተኛው የምዝገባ ማቆሚያ ወይም «ዳታ ፍሪዝ» ሲባል የሚሰማው መጋዘን ተዘጋ የሚል ነው። ደንበኛው ግን አራት ቀን አይጠብቅም፤ ከጅቡቲ የተነሳ ኮንቴይነርም መንገድ ላይ አይቆምም። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ከፒችትሪ የተለየ ሆኖ በራሱ የሚሠራ ከሆነ ፒችትሪ ቢዘጋም ሕጋዊ ደረሰኝ መቁረጡን ይቀጥላል። መሣሪያው ከአሮጌው ሲስተም ጋር ተያይዞ የሚሠራ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ሲስተሙ ሲዘጋ ደረሰኝ መቁረጥም ሊቆም ይችላል። ይህን ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ፒችትሪ ያለበትን ኮምፒዩተር አጥፍቶ አንድ ደረሰኝ በመቁረጥ መሞከር ይሻላል።

መዝጊያ ሰዓቱ በሁለት አቆጣጠር የተጻፈበት ምክንያትም አለ። እኛ «11 ሰዓት» የምንለውን ኮምፒዩተሩ 17:00 ይለዋል። ደብዳቤው ላይ «እስከ 5:00» ብሎ የጻፈ ሰው ግማሹን ሠራተኛ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ያስቆመዋል፤ ግማሹን ደግሞ እስከ ማታ ያሠራዋል። በየቅርንጫፉ የተለያየ ሰዓት ላይ ከተቆረጠ ካሊቲ የላከው ዕቃ ካሊቲ ላይ ወጥቶ አዳማ ላይ ያልገባ ይሆናል።

ሰዓቱ ከዚህ አያልፍም፤ የዘመን አቆጣጠሩ ግን ብዙ ይጎዳል። አብዛኛው ኢአርፒ ቀን የሚይዘው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሐምሌ 6 ቀን 2018 ለሲስተሙ 13/07/2026 ነው። እጁ የለመደ ሠራተኛ 06/11/2018 ብሎ ቢጽፍ ሲስተሙ ስህተት ነው አይለውም፤ ኖቬምበር 6 ቀን 2018 ብሎ ይቀበላል። ሽያጩ የተመዘገበ ይመስላል፤ በወሩ ሪፖርት ግን አይወጣም። እንዲህ ያለው ስህተት የሚታወቀው በሦስት ነገር ነው። የዕለቱ ሽያጭ ድምር ከሽያጭ መሣሪያው የዕለት መዝጊያ ሪፖርት ያንሳል፣ በዕዳ ዕድሜ ዝርዝር ላይ ትናንት የሸጥንለት ደንበኛ ከሰባት ዓመት በላይ የቆየ ባለዕዳ ሆኖ ይወጣል፣ የተጫነው መነሻ ሒሳብም ሳይነካ ተቀይሮ ይገኛል። መከላከያው ቀላል ነው። መነሻ ሒሳቡ 07/07/2026 ላይ ተጭኖ ከተመሳከረ በኋላ ያ ቀንና ከእሱ በፊት ያለው ሁሉ ይቆለፍ። ከዚያ በኋላ 2018 ብሎ የጻፈ ሰው ምዝገባው አያልፍለትም። ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ያሉትን ቀኖች በሁለቱም አቆጣጠር የያዘ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ከደብዳቤው ጋር አባሪ ሆኖ በየጠረጴዛው ቢለጠፍ ደግሞ መደናገሩ ከሥሩ ይቀንሳል።

ስለ ቆጠራው ትንሽ ልዘርዝር፤ ብዙው ጥፋት የሚነሳው ከዚያ ነውና። ሰኔ 30 ከ9 ሰዓት በኋላ ዕቃ አይገባም አይወጣም ያልነው ለቆጠራው ጸጥታ ብቻ ብለን አይደለም። ከእያንዳንዱ መጋዘን የመጨረሻው የዕቃ መረከቢያ ቁጥርና የመጨረሻው የዕቃ ማውጫ ቁጥር ተጽፎ፣ የመጋዘን ኃላፊውና የሒሳብ ሠራተኛው መፈረም ስላለባቸው ነው። የካሊቲው መረከቢያ 0412፣ ማውጫው 1187 ነው እንበል። እነዚህና ከእነዚህ በፊት ያለው ሁሉ ፒችትሪ ላይ መግባት አለበት፤ ከእነዚህ በኋላ ያለው አንድም ፒችትሪ ላይ መግባት የለበትም።

ይህ ሲላላ የሚሆነውን በአንድ ዕቃ እንየው። ሰኔ 30 ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ 200 ዘንግ ባለ 12 ፌሮ የጫነ መኪና መጣ። ሾፌሩ ስለተቻኮለ ተራገፈ፤ «ወረቀቱን ነገ እንቆርጣለን» ተባለ። ማታ ቆጣሪዎቹ መጋዘን ውስጥ ያገኙት 840 ዘንግ ነው፤ ከእነዚህ 200ው የዛሬዎቹ ናቸው። 840 ተብሎ ተጫነ። ሐምሌ 1 ላይ ለ200ው ጊዜያዊ መረከቢያ ተቆረጠ። ሐምሌ 6 ያ ወረቀት አዲሱ ሲስተም ላይ ሲገባ 1,040 ሆነ። መጋዘን ውስጥ ያለው ግን 840 ነው። ሽያጭ ክፍል በሲስተሙ አምኖ 900 ቢሸጥ 60ው የለም። ከዚህም የከፋው ጥርጣሬው ነው፤ 200 ዘንግ ጎደለ ተብሎ የሚጠየቀው የመጋዘን ሠራተኛው ይሆናልና። የሰው ስም የሚነካ ነገር ስለሆነ ደብዳቤው ላይ ሰዓቱ በግልጽ መጻፍ አለበት የምለው ለዚህ ነው። ዕቃው ከሰዓቱ በኋላ የግድ ከተራገፈ ለብቻው ይቀመጥ፣ ዙሪያው በቴፕ ይከለል፣ «አልተመዘገበም፣ አይቆጠርም» የሚል ወረቀት ይለጠፍበት።

በተቃራኒው ደግሞ ተሽጦ ያልተነሳ ዕቃ አለ። ደንበኛው ሰኔ 30 ከፍሎ ደረሰኝ ወስዷል፣ መኪና ግን ነገ ነው የሚያመጣው። ፒችትሪ ላይ ሽያጩ ስለገባ ዕቃው ከእኛ ወጥቷል፤ ቆጣሪው ግን መጋዘን ውስጥ ያየዋል። ይህም ለብቻው ወጥቶ የደረሰኙ ቁጥር ይለጠፍበትና ከቆጠራው ውጭ ይሁን።

አሁን ወደ ሰኔ 15ቱ እገዳ። አዲስ ደንበኛ ለምን አይከፈትም ብሎ የሽያጭ ክፍል ይቆጣል፤ መቆጣቱም ተገቢ ነው። ምክንያቱ የደንበኞች፣ የአቅራቢዎችና የዕቃዎች ዝርዝር ከፒችትሪ ወጥቶ የሚጸዳው በእነዚህ ሁለት ሳምንታት መሆኑ ነው። አንዱ ደንበኛ በሦስት አጻጻፍ ተከፍቶ ይገኛል፤ ምስማር አንድ ቦታ በካርቶን ሌላ ቦታ በኪሎ ተይዟል። ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ ፒችትሪ ላይ የተከፈተ ደንበኛ አዲሱ ሲስተም ላይ የለም፤ ሐምሌ 2 ቀን ሒሳቡ ሲጫን የእሱ ዕዳ «ደንበኛው አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል። የለውጥ ቅጹ አንድ ገጽ ቢሆን በቂ ነው፤ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ስልክ፣ የጠየቀው ሰው፣ ፒችትሪ ላይ የተከፈተበት ቀን፣ ኢአርፒ ላይ የተከፈተበት ቀን። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቦታዎች ካልተሞሉ ቅጹ አልተዘጋም።

ጊዜያዊ ቅጾቹን በተመለከተ፣ ቁጥር የሌለው ወረቀት ባይኖር ይሻላል። የጠፋ መኖሩን የሚነግረን የቁጥሩ መዝለል ብቻ ነው። ብዛቱን ለመገመት የቀኑን እንቅስቃሴ በአራት አባዝቶ ግማሹን መጨመር ይበቃል። ካሊቲ በቀን 25 ወረቀት ቢያወጣ 100፣ ከመጠባበቂያው ጋር 150 ነው፤ ለካሊቲ ከ0001 እስከ 0150፣ ለአዳማ ከ0151 እስከ 0250፣ ለሐዋሳ ከ0251 እስከ 0350 ብሎ ማከፋፈል ይቻላል። ሲስተሙ በቀጠሮው ካልጀመረ ወረቀቱ ስለሚያልቅ ሌላ አንድ ጥራዝ ካሊቲ ላይ ተቆልፎ ይቀመጥ። ተበላሽቶ የተሰረዘውም አይጣልም፤ ተሰርዞ ከጥራዙ ጋር ይመለሳል።

እነዚህ ወረቀቶች ሐምሌ 6 ጠዋት ሲመዘገቡ ቅደም ተከተል አላቸው። መጀመሪያ የገባ ዕቃ፣ ቀጥሎ ከመጋዘን መጋዘን የተዛወረ፣ ከዚያ የወጣና የተሸጠ፣ መጨረሻ ገንዘብ። ሽያጩ ከመረከቢያው ቀድሞ ከገባ ሲስተሙ ወይ አይቀበልም፣ ወይም ክምችቱን ከዜሮ በታች ያወርደዋል፤ ያኔ የዕቃው አማካይ ዋጋ ይበላሻል። ቀኑ ወረቀቱ የተቆረጠበት እውነተኛ ቀን ይሁን እንጂ የተመዘገበበት ቀን አይሁን። የወረቀቱ ቁጥር ሲስተሙ ላይ በማጣቀሻ ቦታ ይጻፍ፤ ሲስተሙ የሰጠው ቁጥር ደግሞ ወረቀቱ ላይ ይጻፍና «ተመዝግቧል» የሚል ማኅተም ይመታበት። ለዚህ ሥራ ሦስት ቀን፣ እስከ ረቡዕ ሐምሌ 8፣ መመደብ አለበት። የዕለቱ አዲስ ሥራ ጎን ለጎን ስለሚሄድ በአንድ ቀን ያልቃል ብሎ ማሰብ አይበጅም።

ሠራተኛው በወረቀት ሲሠራ ፋይናንስ በእነዚያ አራት ቀናት የሚሠራው ምን እንደሆነ ደብዳቤው አይዘረዝርም፤ ጸሐፊው ግን ማወቅ አለበት፤ ቀኖቹን የሚወስነው ይህ ሥራ ነውና። ሰኔ 30 ማታ የፒችትሪ ባካፕ ይወሰድ፤ በሁለት የተለያየ ዲስክ ተቀምጦ አንዱ ከቢሮ ውጭ ይደር። ባካፑ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ ካልታየ እንዳለ አይቆጠርም። ረቡዕ የቆጠራው ልዩነት ይጣራል። ሐሙስ ዕቃውና የደንበኛ፣ የአቅራቢ ሒሳብ ይጫናል። ዓርብ ይመሳከራል።

የደንበኛ ዕዳ የሚጫነው በደረሰኝ በደረሰኝ እንጂ በድምር መሆን የለበትም። አንድ ደንበኛ 184,000 ብር አለበት፤ ይህም የ90,000፣ የ60,000ና የ34,000 ብር ሦስት ደረሰኞች ነው። በአንድ መስመር 184,000 ተብሎ ሰኔ 30 ላይ ቢጫን በመጋቢት የተቆረጠ ደረሰኝ ቢኖርበት እንደ አዲስ ዕዳ ይቆጠራል፤ ደንበኛው 60,000 ሲከፍል የትኛውን እንደዘጋ አይታወቅም። ሌላው አደጋ ታክሱ ነው። ይህ 184,000 ብር 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ ከሆነ 160,000 ዋጋው፣ 24,000 ታክሱ ነው። ታክሱ በተሸጠበት ወር ተገልጿል። ሲጫን የታክስ መለያው አብሮ ከገባ ሲስተሙ 24,000 ብሩን እንደ አዲስ ሽያጭ ታክስ ይይዘዋል። ስለዚህ መነሻ ደረሰኞች በሙሉ ድምራቸው፣ ያለ ታክስ መለያ ይጫናሉ። ዓርብ ማታ የታክስ ሪፖርቱን ከፍቶ ከእነዚህ የመጣ አንድም ብር አለመኖሩን ማየት ነው።

ዕቃውም እንዲሁ ሁለት ጊዜ ሊገባ ይችላል። በብዙ ሲስተሞች ክምችቱ ሲጫን ሒሳቡን ራሱ ይመዘግባል። የሒሳብ ሚዛኑ ደግሞ ለብቻው ሲጫን የዕቃ ሒሳቡ መስመር ካልወጣለት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ሲባል የሁሉም መነሻ ምዝገባ ተቃራኒ ጎን በአንድ መሸጋገሪያ ሒሳብ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ሁሉም ተጭኖ ሲያልቅ ያ ሒሳብ ዜሮ ካልሆነ አንድ ነገር ቀርቷል ወይም ደግሟል። «ትንሽ ልዩነት ነው፣ በኋላ እናየዋለን» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ሁለት ትልልቅ ስህተቶች ተቀናንሰው ትንሽ መምሰላቸው የተለመደ ነው።

ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ የሚወሰነውም በዚሁ ነው። መሸጋገሪያው ዜሮ ነው? የሁለቱ ሲስተሞች የሒሳብ ሚዛን በየመስመሩ ይገጥማል? የሦስቱም መጋዘን ቆጠራ ተፈርሟል? አንዱ ካልተሟላ ሰኞ መጀመር የለበትም። ይህን የመወሰን ሥልጣን የአንድ ሰው መሆን አለበት፤ እሱም ሒሳቡን የሚፈርመው የፋይናንስ ሥራ አስኪያጅ ነው እንጂ ሲስተሙን የሸጠው ድርጅት አይደለም። ሳይጀመር ከቀረ ጊዜያዊ ቅጹ እስከ ቀጣዩ ቅዳሜ ይቀጥላል። ያኔም ካልሆነ ፒችትሪ ተከፍቶ የሐምሌ ወረቀቶች እዚያ ይገባሉ፤ ቀጣዩ መቁረጫም ሐምሌ 30 ይሆናል።

ሐምሌ 6 ጠዋት ሁለተኛ አጭር ማስታወሻ ይውጣ። ሲስተሙ መጀመሩን፣ በየቅርንጫፉ ችግር ሲገጥም የሚደወልለትን ሰው፣ ፒችትሪ ለማየት ብቻ ክፍት መሆኑን ይናገር። የሰኔ ታክስ ማሳወቂያ በሐምሌ የሚዘጋጀው ከፒችትሪ ነው፤ ኦዲተሩም የሚጠይቀው እዚያ ያለውን ነው። ስለዚህ ፒችትሪ ያለበት ኮምፒዩተር ተጠርጎ ለሌላ ሠራተኛ አይሰጥ፤ የተጠቃሚዎቹ የመመዝገብ ፈቃድ ይነሳ፣ የማየቱ ግን እንዳለ ይቆይ።